ነጎድጓድ፣ ማይክሮበርስትና ዊንድሺር በኮምቦልቻ በረራ ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክረምት በገባ ቁጥር፣ ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ የሚበሩ የደሴና የኮምቦልቻ መንገደኞች ስለ አየር ጠባይ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ይበዛሉ። አብዛኞቹ ጥያቄዎች ሲጠቃለሉ መነሻቸው አንድ ነው፤ አውሮፕላን ለማረፍ ሲወርድ ከነጎድጓድ ደመና የሚወርደው ነፋስ ምን ያደርገዋል? ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በዚሁ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው።

ኮምቦልቻ በፀሐይ ብርሃን ከላይ እየታየችን አውሮፕላኑ ሳያርፍ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰው ለምንድን ነው?

ለማረፍ ከከተማው በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ማለቱ ብቻ አይበቃም። አብራሪዎቹ የሚመለከቱት አውሮፕላኑ ወደ ማኮብኮቢያው የሚወርድበትን መስመር፣ እንዲሁም ማረፍ ባይሳካ ዳግም ከፍ ብሎ የሚወጣበትን አቅጣጫ ነው። ኮምቦልቻ በተራሮች የተከበበ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስለሆነች ለማምለጫ የሚሆነው አቅጣጫ እንደ ሜዳማ አገር ብዙ አይደለም። ደመናው የተቀመጠው በዚያ መውጫ ላይ ከሆነ፣ መውረጃው ፀሐይ ቢሆንም እንኳ ማረፍን መሞከር በሩ የተዘጋ ቤት ውስጥ እንደ መግባት ነው።

ሌላው ምክንያት ከመሬት ሆኖ ለሚያይ ሰው እምብዛም አይታይም። በደሴ በኩል ባሉት ከፍታዎች፣ በጦሳና በአካባቢው ላይ ከሰዓት በኋላ የሚከማቸው ደመና ዝናቡን ሲጥል፣ ከዝናቡ ጋር የወረደው ቀዝቃዛ አየር ቁልቁለቱን ይዞ ዝናቡን ቀድሞ ይጓዛል። ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ድንገት የሚነሣውና የተሰጣ ልብስ ከገመድ ላይ የሚያረግፈው ቀዝቃዛ ነፋስ እርሱ ነው። መንገድ ላይ ሲሆኑ አብራሪዎች ከብርቱ የነጎድጓድ ደመና ቢያንስ 20 የባሕር ማይል፣ ማለትም 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው እንዲያልፉ ይመከራሉ። ደሴና ኮምቦልቻ ሁለቱም በዚህ ርቀት ውስጥ ስለሚወድቁ፣ ደሴ ላይ የሚያስገመግመው ደመና ለአብራሪ የኮምቦልቻም ጉዳይ ነው።

ማይክሮበርስት ምንድን ነው? ከተራ ዝናብ ጋር ከሚመጣ ነፋስ በምን ይለያል?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን መንገድ በነሐሴ ከሰዓት በኋላ የወረደ ሰው ሳያውቀው አይቶት ሊሆን ይችላል። ከመታጠፊያዎቹ በአንዱ ላይ ሆነው ወደ ታች ሲመለከቱ፣ ዝናቡ አገሩን ሁሉ ሳያለብስ ከአንድ ደመና ሥር እንደ ግራጫ ዓምድ ቆሞ ይታያል። አልፎ አልፎ የዓምዱ ግርጌ ወደ ጎን ይዘረጋና ጫፉ እንደ እግር ጣት ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ መሬቱ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ዙሪያውን አቧራ ይነሣል። ያ ቅርጽ ከላይ የወረደ አየር መሬት መትቶ ወደ ጎን እየተበተነ መሆኑን ያሳያል።

አየሩን የሚያወርደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የዝናቡና የበረዶው ክብደት ነው፤ የሚወርደው ውኃ በዙሪያው ያለውን አየር አብሮ ይጎትታል። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚበረታው ቅዝቃዜው ነው፤ ጠብታው ሲተን፣ በረዶውም ሲቀልጥ ሙቀትን ከአየሩ ስለሚወስድ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አየር ደግሞ በዙሪያው ካለው ስለሚከብድ እየፈጠነ ይወርዳል። መሬት ሲደርስ የሚሆነውን ለማየት ውኃ የሞላ ጆግ ሲሚንቶ ወለል ላይ መድፋት ይበቃል፤ ውኃው በወደቀበት ቦታ አይቆምም፣ በሁሉም አቅጣጫ ይረጫል።

የተበተነው ነፋስ ስፋት 4 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ማይክሮበርስት ይባላል። ስሙን የሰጠው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጃፓናዊ ተወላጅ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ቴድ ፉጂታ ነው። ፉጂታ በሰኔ 1967 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ ለማረፍ ሲወርድ የወደቀውን የኢስተርን አየር መንገድ በረራ ቁጥር 66 አደጋ ሲመረምር፣ ከጥቂት ደቂቃዎች ልዩነት ጋር በዚያው መስመር የወረዱ አውሮፕላኖች የገጠማቸው ነፋስ እጅግ የተለያየ መሆኑን አስተዋለ። ትንሽነቱና ዕድሜው ማጠሩ ነው አደገኛ ያደረገው፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይቆያል፣ ኃይሉ የሚበረታውም ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው።

ዊንድሺርስ?

ዊንድሺር በአጭር ርቀት ውስጥ የነፋስ ፍጥነት ወይም አቅጣጫ መለዋወጥ ነው። ከተራራ ጀርባም፣ ከነጎድጓድ ፊትም ሊገኝ ይችላል። ማይክሮበርስት ከዊንድሺር ዓይነቶች ሁሉ ክፉው ነው ማለት ይቻላል፤ ዊንድሺር ሁሉ ግን ማይክሮበርስት አይደለም።

ይህን ያህል ቶን የሚመዝን አውሮፕላን በነፋስ እንዴት ይወድቃል?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነው። ክብደቱ አያድነውም፣ እንዲያውም ችግሩ ያለው እዚያው ላይ ነው። ክንፍ አውሮፕላኑን የሚያነሣው በላዩና በሥሩ በሚያልፈው አየር ነው እንጂ አውሮፕላኑ ከመሬት አንጻር በሚሄድበት ፍጥነት አይደለም። ነፋሱ በሰከንዶች ውስጥ ሲገለበጥ፣ ከባዱ አካል ከመሬት አንጻር ያለውን ፍጥነት በዚያው ቅጽበት ሊለውጥ ስለማይችል፣ በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ይጎድላል።

በምሳሌ እንየው። ሁለት የፕሮፔለር ሞተር ያለው፣ 28 ቶን ገደማ የሚመዝን አውሮፕላን ወደ ኮምቦልቻ እየወረደ ነው እንበል፤ የፍጥነት መለኪያውም 120 ኖት ያሳያል። ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ መለኪያው 120 ሲያሳይ አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ የሚጓዘው 132 ኖት ገደማ፣ ማለትም በሰዓት ወደ 245 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ፍጥነት 4 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን ማይክሮበርስት ከዳር እስከ ዳር ለማለፍ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። የሚሆነው ሁሉ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ አውሮፕላኑ ወደ እርሱ የሚነፍሰውን ዳር ያገኛል። የፊት ለፊት ነፋስ 20 ኖት ይጨምራል፤ መለኪያው ወደ 140 ይወጣል፣ አፍንጫው ቀና ይላል፣ አውሮፕላኑም ሊወርድበት ከሚገባው መስመር በላይ ይንሳፈፋል። ነገሩ ጥሩ ይመስላል። ልምድ የሌለው ሰው በዚህ ቅጽበት የሚያደርገው የሞተሩን ኃይል መቀነስና አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ወጥመዱም ይኸው ነው። ቀጥሎ መሐሉ ላይ ነፋሱ ከላይ ወደ ታች ይጫነዋል። ከዚያ በወዲያኛው ዳር ነፋሱ ከኋላ ይሆንና ሌላ 20 ኖት ይወስዳል፤ መለኪያው ከ140 ወደ 100 ይወርዳል። አሁን አውሮፕላኑ ፍጥነቱ የጎደለ፣ ወደ መሬት የቀረበ፣ ኃይሉም ቀድሞ የተቀነሰ ነው። አጋጣሚው 1,000 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን ኖሮ አፍንጫን ዝቅ አድርጎ ፍጥነትን መመለስ ይቻል ነበር፤ ከመሬት 100 ሜትር ላይ ግን ለዚያ የሚወጣ ከፍታ የለም።

የ20 ኖቱ ምሳሌ በልኩ የተወሰደ ነው። በአሜሪካ ዴንቨር አካባቢ በ1982 እ.ኤ.አ. በራዳር ከተለኩት ማይክሮበርስቶች ብዙዎቹ ከዚህ የበረቱ ነበሩ።

በእውነት የደረሰ አደጋ አለ?

አለ። ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የተወሰደበት ሐምሌ 26 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 2 ቀን 1985፣ አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ በዳላስ ፎርትዎርዝ ኤርፖርት የደረሰው ነው። የዴልታ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 191፣ ሦስት የጄት ሞተር ያለው ሎክሂድ ትራይስታር፣ 163 ሰዎችን ይዞ ለማረፍ ይወርድ ነበር። ረዳት አብራሪው ከፊታቸው ካለው ደመና መብረቅ ሲወጣ አይቶ ተናግሯል። ከእነርሱ ቀድሞ የነበረ ትንሽ ጄት ግን በዚያው ዝናብ አልፎ አርፎ ነበር። በእኔ ግምት ብዙ አብራሪ የሚያታልለው ይህ ነው፤ የቀደመው ካለፈ እኔም አልፋለሁ የሚለው ሐሳብ ዕድሜው በደቂቃ ለሚቆጠር ነፋስ አይሠራም።

ዝናቡ ውስጥ ሲገቡ ፍጥነታቸው ሳይፈልጉት ወደ 173 ኖት ወጣ። ካፒቴኑ የሚመጣውን ስላወቀ ፍጥነቱ ድንገት እንደሚጠፋ ረዳቱን አስጠነቀቀው። እንዳለውም ፍጥነቱ ወደ 133 ወረደ። ኃይል ሲጨመር 140 ደረሰና እንደገና ወደ 119 አሽቆለቆለ። ካፒቴኑ ካስጠነቀቀበት ቅጽበት አንሥቶ ጎማው ከማኮብኮቢያው በፊት ያለ መስክ እስኪነካ 40 ሰከንድ እንኳ አልሞላም። አውሮፕላኑ አውራ ጎዳና ላይ አንድ መኪና መትቶ ሾፌሩን ገደለ፤ ከዚያም ከኤርፖርቱ የውኃ ታንከሮች ጋር ተጋጨ። በጠቅላላው 137 ሰዎች ሞቱ።

አብራሪዎቹ አላዋቂ አልነበሩም። በኮክፒቱ ውስጥ ከፊታቸው ያለው ነፋስ ምን እንደሚመስል የሚነግራቸው መሣሪያ አልነበረም፤ ለዚህ ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ ሥልጠናም ገና አልተስፋፋም ነበር። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን በ1988 እ.ኤ.አ. የመንገደኞች ጄቶች የዊንድሺር ማስጠንቀቂያ እንዲገጠምላቸው ያስገደደው ከዚህ አደጋ በኋላ ነው።

አብራሪዎቹ ውስጡ ከገቡ ምን ያደርጋሉ?

ለማረፍ መሞከርን እዚያው ያቆማሉ፤ የሞተሩንም ኃይል እስከ መጨረሻው ይሰጣሉ። አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሡታል፤ በብዙ ጄቶች መነሻው 15 ዲግሪ ገደማ ነው። እዚህ ላይ ተፈጥሮን የሚቃወም ነገር አለ፦ ፍጥነት ሲጎድል አፍንጫን ዝቅ ማድረግ አብራሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተማረው ነው፣ በዚህ ሁኔታ ግን የሚፈለገው የቀረውን ፍጥነት ከፍታ ለመጠበቅ ማዋል ነው። ክንፉ ማንሣት ሊያቆም ሲቃረብ መሪው በእጅ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ አብራሪው አስፈላጊ ከሆነ እስከዚያ ወሰን ድረስ ያነሣል እንጂ አያልፈውም።

መንገደኞችን የሚያስገርመው ቀጣዩ ደንብ ነው። ጎማውም ሆነ ከክንፉ በስተኋላ የሚዘረጋው ፍላፕ ከነበረበት አይነካም። በተለመደው ጎ-አራውንድ፣ ማለትም ማረፍ ትቶ ዳግም በመነሣት ጊዜ፣ ጎማው ወዲያው ይሰበሰባል። በዊንድሺር ውስጥ ግን ይቆያል፤ በአንዳንድ አውሮፕላኖች በሮቹ ሲከፈቱ ተጨማሪ የአየር መጎተት ስለሚፈጠር፣ አውሮፕላኑም መሬት ቢነካ በጎማው መንካቱ ስለሚሻል ነው። አንዱ አብራሪ መሪውን ይዞ ሲያበር፣ ሌላው ከፍታው እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል።

በነገራችን ላይ፣ ትንሽ የሚመስለው የፕሮፔለር አውሮፕላን በዚህ ረገድ አንድ ብልጫ አለው። የጄት ሞተር ከዝቅተኛ ኃይል ወደ ሙሉ ኃይል ለመድረስ በርካታ ሰከንዶች ይፈልጋል፤ ፕሮፔለሩ ግን ፈጥኖ ይመልሳል፣ የሚገፋውም አየር በቀጥታ የክንፉን ክፍል ያገኘዋል። በሌላ በኩል የኮምቦልቻ ከፍታ ከሞተሩ ኃይል የተወሰነ ስለሚነጥቅ የመጠባበቂያ ኃይሉ ከባሕር ዳርቻ ኤርፖርት ያነሰ ነው። አካሄዱ በሲሙሌተር በተደጋጋሚ ይለማመዱታል፤ ሆኖም ልኩን ያለፈ ማይክሮበርስትን በትክክል የተሠራ ማምለጫ እንኳ ሊያሸንፈው አይችልም። ስለዚህ ዋናው ሥራ አለመግባት ነው።

ታዲያ ከመግባታቸው በፊት እንዴት ያውቁታል?

በአፍንጫው ውስጥ ያለው ራዳር የዝናብ ጠብታዎችን በማየት ደመናውን በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ይሥላል። ለዊንድሺር የተሠራው ዓይነት ከዚህ አልፎ ጠብታዎቹ ወደ አውሮፕላኑ እየመጡ ወይም እየራቁ መሆናቸውን ይለካል። ከፊት ቅርብ ያሉት ወደ እኛ፣ ከእነርሱ ባሻገር ያሉት ደግሞ ወደዚያ የሚሄዱ ከሆነ ማይክሮበርስት ነው፤ ስክሪኑ ላይ `WINDSHEAR` የሚል ቀይ ጽሑፍ ይወጣል፣ ድምፅም ይሰማል። የሚያገኙት ጊዜ ከ10 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ሁሉም አውሮፕላን ይህን ዓይነት ራዳር የተገጠመለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ያላቸው ነፋሱ ውስጥ ከተገባ በኋላ የሚጮኸው ቀደምት መሣሪያ ነው።

ራዳሩም ወሰን አለው። ከፊት ያለው ዝናብ በጣም ከበረታ ሞገዱን ይውጠውና ከጀርባው ያለው ጥቁር፣ ባዶ መስሎ ይታያል። ያ ጥቁር ቦታ መንገድ አይደለም፤ የራዳሩ ጥላ ነው። ይህን ባለመለየት ወደ ባሰው ቦታ የገቡ ነበሩ።

ከመሬት የሚገኘው መረጃም አለ። በዓለም ትላልቅ ኤርፖርቶች ለዚህ ብቻ የተተከለ ራዳርና በማኮብኮቢያው ዙሪያ የተደረደሩ በርካታ የነፋስ መለኪያዎች አሉ፤ ወጪው ከፍ ያለ ስለሆነ ብዙ አነስተኛ ኤርፖርቶች የላቸውም። ከማማው ለአብራሪው የሚነገረው ነፋስ ደግሞ የ2 ደቂቃ አማካይ ነው፤ ይህን ያህል አጭር ዕድሜ ያለውን ነገር አማካይ ሊሸሽገው ይችላል። ስለዚህ እጅግ ቀላሉ መሣሪያ፣ ባለ ቀለም የነፋስ ከረጢቱ፣ አሁንም ዋጋ አለው። በማኮብኮቢያው ሁለት ጫፎች ያሉት ከረጢቶች ጅራታቸውን ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ፣ ጀርባ ለጀርባ ዞረው እንደተኳረፉ ሰዎች ወደ ውጭ ከዘረጉ፣ በመካከላቸው ነፋስ ከላይ ወርዷል ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ጠቃሚው ግን ቀድሞ ያረፈ ወይም የተነሣ አብራሪ በሬዲዮ የሚሰጠው ቃል ነው፤ በስንት ከፍታ ላይ ስንት ኖት እንዳጣ ወይም እንዳገኘ ይናገራል፣ የሚከተለውም በዚያ ይወስናል። 15 ኖትና ከዚያ በላይ የሆነ ለውጥ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ዝናብ ሳይዘንብ ማይክሮበርስት ሊኖር ይችላል?

ይችላል፤ ይህኛው ይበልጥ ያታልላል። ከደመናው ሥር ያለው አየር ሞቃትና ደረቅ ከሆነ፣ ዝናቡ መሬት ሳይደርስ አየር ላይ ይተናል። ከሩቅ ሲታይ ከደመናው ሥር እንደ ነጠላ ዘርፍ ተንጠልጥሎ መሐል ላይ የሚቀር ግራጫ ጭረት ነው። ትነቱ አየሩን አጥብቆ ስለሚያቀዘቅዘው ነፋሱ ጠብታ ሳያስከትል መሬት ይመታል፤ ምልክቱ የአቧራ ቀለበት ብቻ ይሆናል። ራዳሩ የሚያየው ጠብታን ስለሆነ በዚህ ጊዜ የሚይዘው ነገር አነስተኛ ነው። በጥቅሉ ደረቅና ሞቃት ከሰዓት በኋላ ላይ ብቅ ከሚል ለየት ያለ ደመና ሥር ማለፍ ዝናብ ስለሌለ ብቻ ደኅና ነው አይባልም።

መብረቅስ? በረዶስ?

አውሮፕላን በመብረቅ መመታቱ ብርቅ አይደለም፤ የኤሌክትሪኩ ኃይል በአብዛኛው በውጭው አካል ላይ አልፎ ይወጣል፣ ካረፈ በኋላም ምርመራ ይደረግለታል። በረዶ መስታወትንና የክንፍን ጠርዝ ሊጎዳ ይችላል፤ ከደመናው ውጭም ሊወረወር መቻሉ ርቆ ለማለፍ አንዱ ምክንያት ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ተሳፍረን ሳለ አብራሪው ለመነሣት 20 ደቂቃ ያህል ያዘገየን ለምንድን ነው?

በመነሣት ጊዜም አደጋው ያው ነው፤ እንዲያውም አውሮፕላኑ ከነዳጁ ጋር ከባድ ስለሆነ፣ የሞተሩም ኃይል አስቀድሞ ሥራ ላይ ስለዋለ የሚጨመር ነገር ትንሽ ነው። 20 ደቂቃ ደግሞ የዘፈቀደ ቁጥር አይደለም፤ አንድ ማይክሮበርስት ተወልዶ የሚያልቀው ከዚያ ባነሰ ጊዜ ነው። አንድ ደመና ተከታትሎ ሌላ ሊያወርድ ስለሚችል፣ ካፒቴኑ የሚጠብቀው ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ደመናው ከመነሻው መስመር ላይ መልቀቁን ጭምር ነው።

አየር ላይ ሆኖ መጠበቅስ አይቻልም?

ይቻላል፤ ነዳጅ እስካለ ድረስ። አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ሲነሣ ወደ ኮምቦልቻ ከሚያደርሰው በላይ፣ ወደ አማራጭ ኤርፖርት የሚያደርሰውን ነዳጅና እዚያ ደርሶ 30 ደቂቃ የሚያቆየውን የመጨረሻ መጠባበቂያ መያዝ አለበት። በአየር ላይ መዞር የሚቻለው ከእነዚህ ሁሉ የተረፈ ትርፍ ነዳጅ ሲኖር ነው። ትርፉ ሲያልቅ፣ ደመናው 10 ደቂቃ ቆይቶ የሚሄድ ቢመስልም እንኳ፣ መመለስ ግድ ነው።

በክረምት የትኛውን በረራ መምረጥ ይሻላል?

ምርጫ ካለ የጠዋቱን። ደመናውን የሚያሳድገው ፀሐይ ያሞቀችው መሬት ስለሆነ፣ በወሎ ከፍታዎች ላይ ነጎድጓድ የሚበረታው ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። ጠዋት ደግሞ የኮምቦልቻ ሜዳ በጉም ሊሸፈንና በረራው ሊዘገይ ይችላል፤ ጉም ግን ፀሐይ ስትወጣ ይገፈፋል፣ ማንንም ወደ መሬት አይጫንም።